የኬሚስትሪ መምህሯ ሁለት መልእክቶች

ሥራዬ ሰው መቅጠር ነው። ድሬዳዋ ከዚራ ውስጥ፣ ከጅቡቲ የሚመጣ ዕቃ የሚያስተላልፍ ድርጅት ውስጥ እሠራለሁ። ባለፈው ዓመት ሚያዝያ ላይ ለአንድ የዶክመንቴሽን ኦፊሰር ቦታ ማስታወቂያ አወጣን። በቴሌግራም ለቀቅነው፣ በሦስት ቀን ስልኬ ሞላ።

ከነዚያ ሁሉ አመልካቾች አንዷ ሁለት ጊዜ ጻፈችልኝ። የመጀመሪያውን መልእክቷን አንብቤ ዝም አልኩ። ሁለተኛው በመጣ ዕለት ደወልኩላት። በሁለቱ መሃል ሰባት ሳምንት አለ። ሴትየዋ ያችው ናት፣ ዲግሪዋም ያው ነው። የጉምሩክ ሥራ ልምዷ ያኔም ዜሮ ነበር፣ ሁለተኛውን ስትጽፍም ዜሮ ነበር ማለት ይቻላል። ታዲያ ምን ተለወጠ? እሱን ነው የምጽፈው። ፈቅዳልኛለች፣ ስሟን ግን ቀይሬ ነኢማ ብያታለሁ።

ነኢማ በአንድ የግል ትምህርት ቤት ስምንት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምራለች። የመጀመሪያ መልእክቷ እንዲህ ይጀምር ነበር፤

«ለተከበሩ የሰው ኃይል ኃላፊ፣ በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ ነኢማ የምባል ሲሆን ትውልዴና ዕድገቴ በድሬዳዋ ከተማ ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቴን በዚሁ ከተማ ተከታትዬ በኬሚስትሪ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ይዣለሁ። አያቴ የምድር ባቡር ሠራተኛ ስለነበሩ ከልጅነቴ ጀምሮ ለሎጂስቲክስ ዘርፍ ልዩ ፍቅር አለኝ…»

ከዚያ ይቀጥላል። ትጉህ ነኝ፣ ታማኝ ነኝ፣ በቡድን መሥራት እችላለሁ፣ ቶሎ እማራለሁ። መጨረሻው ላይ «በማንኛውም ክፍት የሥራ መደብ ላይ ብመደብ በብቃት እንደምወጣ እተማመናለሁ» ይላል። ሲቪዋ በስልክ የተነሳ ፎቶ ነው፣ ሦስት ገጽ፣ አንዱ ገጽ ተገልብጧል።

አያትየው ላይ ስደርስ ፈገግ አልኩ። ድሬ ከባቡሩ ጋር የተወለደች ከተማ ናት። የምድር ባቡር የልጅ ልጅ ያልሆነ ሰው ፈልጋችሁ አምጡልኝ። እኔም ነኝ። በዚያ ብቻ ሰው ብቀጥር ግማሽ ከዚራን መቅጠር ነበረብኝ።

«ማንኛውም የሥራ መደብ» ላይ ስደርስ ግን ዘጋሁት። ሰው ይህን የሚጽፈው ትሕትና መስሎት ነው። እኔ ዘንድ ሲደርስ ሌላ ሥራ ይሆናል። እሷ ያልመረጠችውን ቦታ እኔ ልመርጥላት ነው ማለት ነው። ለዚያ ጊዜ አልነበረኝም። መልስ አለመስጠቴ ግን ነውር ነበር፤ እሱን አልክድም። «ደርሶናል፣ ለዚህ ቦታ ግን አልተመረጡም» ለማለት ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም።

እዚህ ላይ አብዛኛው አመልካች የማያየውን ነገር ልንገራችሁ። እኔ ቀጣሪ እባላለሁ እንጂ የመጨረሻውን ቃል የምናገረው እኔ አይደለሁም። የመጨረሻው ቃል የኦፕሬሽን ኃላፊው ነው። ጅቡቲ ወደብ ላይ ዓመታት የሠራ፣ ሁለት ስልክ በአንዴ የሚያወራ ሰው ነው። ቢሮው ከእኔ በላይ ነው። የሰው ስም ይዤ ስወጣ ደረጃው ላይ ሲወርድ አገኘዋለሁ። ሁለት ነገር ብቻ ነው የሚጠይቀኝ፤ «ምን ሠርቶ ያውቃል?» እና «መቼ ይገባል?»። በእነዚያ ጥቂት ደረጃዎች መሃል የምናገረው አንድ ዓረፍተ ነገር ከሌለኝ ሰውየው አለቀለት።

ከዘርፉ የመጣ ሰው ሲሆን ዓረፍተ ነገሩ ራሱ ይመጣል። «ሦስት ዓመት ትራንዚት ቢሮ ሠርቷል» እላለሁ፣ ያልፋል። ከሌላ ሙያ የሚመጣ ሰው ግን ዓረፍተ ነገሩን ራሱ ሠርቶ ካልሰጠኝ እኔ አልሠራለትም። ከነኢማ የመጀመሪያ መልእክት ይዤ መውጣት የምችለው «አንዲት የኬሚስትሪ መምህር ሎጂስቲክስ ትወዳለች» የሚለውን ነበር። ይህን ብነግረው ምን እንደሚለኝ አውቃለሁ። «እኔም ኳስ እወዳለሁ» ነው የሚለኝ።

በዚያ ማስታወቂያ የወሰድነው ልጅ በአምስተኛው ሳምንት ጥሎን ሄደ። ቦታው እንደገና ክፍት ሆነ፤ ማስታወቂያው ሰኔ መጀመሪያ ላይ እንደገና ወጣ። ያን ጊዜ ነው ሁለተኛው መልእክት የመጣው። ሙሉውን እንዳለ ላስቀምጠው፤

«ሰላም። ነኢማ እባላለሁ፤ የዶክመንቴሽን ኦፊሰር ማስታወቂያችሁን አይቼ ነው የጻፍኩልዎ። እዚሁ ድሬዳዋ በግል ትምህርት ቤት መምህር ነኝ፤ ካለፉት 4 ዓመታት ጀምሮ ደግሞ የፈተና ክፍሉን የምይዘው እኔ ነኝ። በየዓመቱ ወደ 190 የሚሆኑ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ለብሔራዊ ፈተና አስመዘግባለሁ። የእያንዳንዱን ስም፣ ዕድሜና የትምህርት ዘርፍ ከ3 ሰነድ ጋር አመሳክራለሁ። ዘንድሮ ከመላኩ በፊት 14 ስህተት አግኝቼ አስተካክያለሁ፤ ከተላከ በኋላ የተመለሰ የለም።

በትራንዚት ሥራ ልምድ የለኝም፤ ዲክላራሲዮን ሠርቼ አላውቅም። ላለፉት 6 ቅዳሜዎች ግን አንድ ትራንዚተር ቢሮ እየተቀመጥኩ ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ኢንቮይስና ፓኪንግ ሊስት ሲመሳከሩ አይቻለሁ፣ አግዣለሁም። ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛና አማርኛ እናገራለሁ። የ30 ቀን ማስጠንቀቂያዬን ዛሬ ባስገባ ሐምሌ መጀመሪያ ላይ መግባት እችላለሁ። ሐሙስ ወይም ዓርብ ጠዋት ቢሯችሁ መጥቼ ላነጋግርዎት እችላለሁ?»

ይኸው ነው። ሲቪዋ ከሥሩ በፒዲኤፍ አለ፣ አንድ ገጽ ተኩል።

መጀመሪያ ዓይኔ ያረፈው «14 ስህተት» ላይ ነው። የዶክመንቴሽን ሥራ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው ይህ ቁጥር ምንም አይደለም። ለእኛ ግን ሥራው ራሱ ነው። አንድ ኮንቴይነር ጅቡቲ ሲደርስ ወረቀቶቹ ቀድመውት ይመጣሉ። በቢል ኦፍ ሌዲንጉ፣ ማለትም በመርከቡ የጭነት ሰነድ ላይ ያለው የተቀባይ ስም ኢንቮይሱ ላይ ካለው ጋር በአንድ ፊደል ቢለያይ ዕቃው ሊቆም ይችላል። ክብደቱ ካልገጠመ ጥያቄ ይነሳል። እርማቱ እስኪመጣ ኮንቴይነሩ ይቀመጣል። ነፃ ቀናቱ ሲያልቁ ዴመሬጅ የሚባለው የመዘግየት ክፍያ በየቀኑ ይቆጥራል፤ ያውም በዶላር። ስለዚህ የምንፈልገው ስሞችና ቁጥሮችን እያነጻጸረ የማይሰለች፣ ያልገጠመውን ደግሞ ሳይፈራ «ይሄ ትክክል አይደለም» የሚል ሰው ነው። ተማሪ ስሙ በአንድ ፊደል ተሳስቶ ለፈተና ቢመዘገብ ምን ዓይነት ጣጣ እንደሚመጣ ለሚያውቅ ሰው ይህን ማስረዳት አያስፈልግም።

አሁን ደረጃው ላይ የምናገረው ነገር አገኘሁ። «የትምህርት ቤት ፈተና ክፍል የያዘች ልጅ አለች፤ 190 ተማሪ ከሦስት ሰነድ ጋር አመሳክራ አንድም አልተመለሰባት። ሶማሊኛ ትችላለች። ሐምሌ ትገባለች።» ኃላፊው ቆም አለ። «ሶማሊኛ?» አለኝ።

ይቺ ቋንቋ የምትባለው ነገር ታስቀኛለች። ድሬ ውስጥ ሰው ሦስት ቋንቋ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይቀላቅላል፤ ስለዚህ እንደ ችሎታ አይቆጥረውም። በመጀመሪያው ሲቪዋ ላይ ቋንቋዎቹ ሦስተኛው ገጽ ላይ፣ «ፊልም ማየት» ከሚለው በታች ነበሩ። እኛ ግን ቀኑን ሙሉ ጅቡቲ ካለው ወኪላችን ጋርና መንገድ ላይ ካሉ ሾፌሮች ጋር በስልክ ነን። ከአዲስ አበባ የመጣ ዲግሪ ያለው ልጅ ሾፌሩ የሚለውን ለመስማት ሌላ ሰው ሲጠራ አይቻለሁ። ለእሷ እንደ ውሃ የሆነው ነገር ለእኛ ወርቅ ነበር። ያን ደግሞ ያወቀችው ትራንዚት ቢሮ ስትቀመጥ ነው። ቢሮው ውስጥ በመጀመሪያው ቅዳሜ የሰማችው ስልክ በሙሉ በሶማሊኛ ነበር።

የስድስቱ ቅዳሜ ነገርም እንዲሁ አልመጣም። የአክስቷ ጎረቤት ሳቢያን አካባቢ ትንሽ የትራንዚት ቢሮ አለው። ከእኔ መልስ ስታጣ ሄዳ ጠየቀችው። «ሥራ ስጠኝ» አላለችውም። «ሥራችሁ ምንድነው? ተቀምጬ ልይ» ነው ያለችው። ሰውየው ፋይል እየሰጣት «እነዚህን ሦስቱን አስተያይ» ይላታል። ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ «ይሄማ የፈተና ክፍል ሥራ ነው!» ብላ ሳቀች። ሁለተኛው መልእክት የተወለደው ያኔ ነው። እኔ እንደማየው፣ ከጻፈችው ይልቅ ያን ቅዳሜ የጠየቀችው ጥያቄ ይበልጣል። ያንን ሳታይ ቁጭ ብላ የመጀመሪያውን መልእክት አሥር ጊዜ ብታሳምረው ኖሮ የሚወጣው የተሻለ አማርኛ ብቻ ነበር።

«ልምድ የለኝም፤ ዲክላራሲዮን ሠርቼ አላውቅም» የምትለዋን ብዙ ሰው ይፈራታል። እኔ ወድጃታለሁ። ዲክላራሲዮን ለጉምሩክ የሚቀርበው የዕቃ መግለጫ ነው፤ እሱ ላይ የሚፈርመው ፈቃድ ያለው የጉምሩክ አስተላላፊ ነው፤ ቢሯችን ውስጥ እሱ ሰው አለ። የምንፈልገው ወረቀቱን አጽድቶ የሚሰጠውን ነው። ነኢማ ልዩነቱን አውቃ ጻፈች። ያልተናገረችው ቢሆን ኖሮ ኃላፊው ሲጠይቀኝ እኔ ልደነግጥ ነበር። ክፍተቱን ቀድሞ የነገረኝን ሰው ይዤ ደረጃ ስወጣ አልፈራም።

ስለ አጠራሩ ደግሞ አንድ ነገር። ድሬ ውስጥ «አንቱ» ብዙም አይሠራም። አባቴን አንተ እያልኩ ነው ያደግሁት። ስለዚህ የመጀመሪያው «የከበረ ሰላምታ» ትንሽ የደብዳቤ ጸሐፊ ቃና ነበረው፤ ማዘጋጃ ቤት በር ላይ ተቀምጠው ማመልከቻ የሚጽፉት ሽማግሌ ይመስል። ሁለተኛው ላይ «እርስዎ» ብላኛለች፣ ግን ቀለል አድርጋ። በጽሑፍ እንዲህ ይሻላል ባይ ነኝ። እኔ አንተ ብባል ቅር አይለኝም፤ ግን መልእክቱን እንዳለ አዲስ አበባ ላለው ዋና ቢሮ አስተላልፋለሁ፣ እዚያ ያሉት የድሬን አመል አያውቁም።

ሐሙስ ጠዋት 3 ሰዓት ላይ መጣች። ፀሐዩ ሳይከር፣ በባጃጅ። ሻይ አዘዝኩላት። «እስቲ ስለራስሽ ንገሪኝ» አልኳት። መልእክቱን በቃሏ የምትደግመው መስሎኝ ነበር። አልደገመችውም። ከቦርሳዋ ሁለት ወረቀት አወጣች፤ ስሞቹን በወረቀት ሸፍና፣ የምታመሳክርበትን ሠንጠረዥ አሳየችኝ። ያልገጠመው በቀይ፣ የተጠየቀው በቢጫ፣ የተስተካከለው በአረንጓዴ። ከጎኑ ማን እንደነገራትና መቼ እንደተስተካከለ ተጽፏል። ይህን ሳይ ሌላ ጥያቄ አላስፈለገኝም ማለት ይቻላል።

ግን ጠየቅኩ። «ማስተማሩን ለምን ትተዪዋለሽ?»

እዚህ ላይ ተሰናከለች። ደሞዙ፣ የወላጆች ንዝንዝ፣ የዳይሬክተሩ ጸባይ፣ ስልክ የሚነካኩ ተማሪዎች… ሁሉም እውነት እንደሆነ አልጠራጠርም። እያወራች እያለ ግን እኔ ደረጃው ላይ ያለውን ሰው እያሰብኩ ነበር። አቋረጥኳት። «አቦ ነኢማ፣ ይሄን ሁሉ ለኃላፊው ልንገረው?»

ሳቀች። ሻይዋን ጠጣች። ከዚያ ረጋ ብላ እንዲህ አለች፤ «እውነቱን ልንገርህ? ክፍል ውስጥ ደህና መምህር ነኝ። ግን ሰኞ ጠዋት የሚያስነሳኝ ክፍሉ አይደለም። የምዝገባ ሰሞን ሌሊት ስም እያስተያየሁ ስቀመጥ ሰዓቱን አላውቀውም። እሱን ሥራ ዓመቱን ሙሉ ብሠራው ብዬ ነው።»

ይህን ለኃላፊው ነገርኩት፤ ቃል በቃል። ልብ ብላችሁ ከሆነ፣ ሁለተኛው መልስ ውስጥ ማንም አልተከሰሰም። ደግሞም ሐሰት አይደለም፤ ዳይሬክተሩ ላይ ያላት ቅሬታ ባለበት አለ። የመጀመሪያው መልስ ከምን እንደምትሸሽ ነግሮኝ ነበር። ሸሽቶ የመጣ ሰው ደግሞ እኛንም ሲሰለቸው ይሸሻል ብሎ የሚፈራ ኃላፊ ነው ያለኝ።

ስለ ደሞዝ በአጭሩ። መነሻችን ከትምህርት ቤቱ ደሞዝ ትንሽ ይበልጣል፤ ቤት ለቤት ከምታስጠናው ጋር ሲደመር ግን ያንሳል። ይህን ቀድማ አስልታ ነበር። «ለአንድ ዓመት እችለዋለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ሁለት ልጆች አስጠናለሁ» አለች። ሙያ ቀይሮ ለሚመጣ ሰው ይህን ጥያቄ የማነሳው ለመጨቃጨቅ አይደለም። በሦስተኛው ወር ሒሳቡ አልመጣልኝም ብሎ እንዳይሄድ ነው።

ከዚያ ኃላፊው ጋር ወጣን። እሱ ወሬ አይወድም። አንድ ፋይል ጠረጴዛ ላይ ወረወረላት። ቢል ኦፍ ሌዲንግ፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት። «እዚህ ውስጥ አራት ነገር አለ፤ አውጪልኝ» ብሎ ስልኩን አነሳ።

ሃያ አምስት ደቂቃ ፈጀባት። የተቀባዩ ስም ላይ አንድ ፊደል እንደጎደለ አየች። ክብደቱ አንዱ ላይ 18,240 ኪሎ፣ ሌላው ላይ 18,420 እንደሆነ አየች። የኮንቴይነር ቁጥር አራት ፊደልና ሰባት አኃዝ ነው፤ ከሰባቱ ሁለቱ ቦታ ተቀያይረው ነበር፣ እሱንም ያዘች። አራተኛው አመለጣት። ኢንቮይሱ ኤፍኦቢ ይላል፤ ማለትም የባሕር ማጓጓዣውን የሚከፍለው ገዢው ነው። ቢል ኦፍ ሌዲንጉ ግን ማጓጓዣው ቀድሞ ተከፍሏል ይላል። ይህ ሁልጊዜ ስህተት ላይሆን ይችላል፤ ግን ቆም ብሎ «ማን ነው የከፈለው?» ማለትን ይጠይቃል። ምክንያቱም ጉምሩክ ቀረጡን የሚያሰላው ማጓጓዣውንም ጨምሮ ነው።

«ሦስት አግኝቻለሁ፤ አራተኛውን አላየሁትም። ምንድነው?» አለችው። ነገራት። ደብተር አውጥታ ጻፈች። ኃላፊው እኔን አየኝና «ደብተር ይዛ መጥታለች» አለ፤ ከእሱ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው።

ሐምሌ ላይ ገባች። እንደማንኛውም አዲስ ሰው 60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜ ነበራት። በሁለተኛው ሳምንት አንድ ፋይል አበላሽታ ግማሽ ቀን አስሮጣናለች፤ እኔ ነበርኩ ያስተዋወቅኳት፣ ስለዚህ ደረጃው ላይ የሰማሁትን እኔ ነኝ የማውቀው። ሙከራውን ግን አልፋለች። ትራንዚተር አይደለችም፤ ፈቃዱን ለማውጣት ታስባለች። ደሞዙ አሁንም ከድሮው ከነጥናቱ ያንሳል።

መስከረም ላይ ከዚያው ትምህርት ቤት ሌላ መልእክት መጣልኝ። የሒሳብ መምህር ነው። ከፈተና ክፍሉ እስከ ስድስቱ ቅዳሜ፣ ከሰላምታው እስከ ሐሙስ ወይም ዓርብ ድረስ የነኢማ መልእክት ነው፤ ስሙን ብቻ ቀይሯል። አዎ፣ ሌላም ነገር ቀይሯል፤ 14 የነበረው ስህተት 16 ሆኗል።

ደወልኩለት። ደህና ሰው ነው፣ ድምፁም ደስ ይላል። «አሥራ ስድስቱ ስህተቶች ምን ምን ነበሩ? ሁለቱን ብቻ ንገረኝ» አልኩት።

ከጀርባው የባጃጅ ጥሩምባ ይሰማኝ ነበር። እሱ ግን ዝም አለ።